ስድስት መስመር፣ ሦስት ቁጥር

የቴክኒክ ሥዕልን በወረቀት የተማረ ሰው ኮምፒውተር ላይ የመጀመሪያውን ስኬች ሲስል ግራ የሚያጋባው ነገር አለ። በእርሳስና በማስመሪያ 60 ሚሊ ሜትር ብሎ ያሰመረው መስመር ተሰምሮ አልቋል፤ ካልተፋቀ በቀር የትም አይሄድም። ስክሪኑ ላይ ያለው ግን ጫፉን በማውስ ይዞ ሲስበው ይለጠጣል፣ ይዘማል፣ አጠገቡ ያለውንም መስመር አስከትሎ ይሄዳል። ቅርጹ ለዓይን ደህና ይመስላል። ፕሮግራሙ ግን ስለ ቅርጹ የሚያውቀው ከሞላ ጎደል ምንም የለም፤ የትኛው መስመር የት እንደሚቆም፣ ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ከየትኛው ጋር እኩል እንደሆነ ገና የነገረው ሰው የለም።

ይህን የምንነግርበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ገደብ ነው፤ ቁጥር የለውም። «ይህ መስመር አግድም ነው»፣ «እነዚህ ሁለት ጫፎች አንድ ነጥብ ናቸው»፣ «እነዚህ ሁለት ጎኖች እኩል ናቸው» ይላል። ሁለተኛው ልኬት ነው፤ እሱ ቁጥር ይዞ ይመጣል፦ 60 ሚሜ፣ 40 ሚሜ፣ ራዲየስ 6። ገደብ የቅርጹን ጠባይ ሲይዝ ልኬት መጠኑን ይይዛል። ሁለቱ ተባብረው አንድም ነጥብ ሊንቀሳቀስ የማይችልበት ደረጃ ላይ ሲያደርሱት፣ ስኬቹ ሙሉ በሙሉ ተወሰነ ይባላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አይቫን ሳዘርላንድ በኤምአይቲ በ1963 ለዶክትሬት ያቀረበው ስኬችፓድ የተባለ ፕሮግራም ቲኤክስ-2 በሚባል ግዙፍ ኮምፒውተር ላይ ይሠራ ነበር። ተጠቃሚው በብርሃን ብዕር እንደነገሩ መስመሮችን ይስልና «እነዚህ ትይዩ ይሁኑ»፣ «እነዚህ እኩል ይሁኑ» ብሎ ያዛል፤ ፕሮግራሙም ያስተካክላቸዋል። ዛሬ ተማሪ በላፕቶፑ የሚሠራው በመሠረቱ ይኸንኑ ነው።

ለምሳሌ የምንወስደው ፍሪካድን ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በነፃ የሚገኝ ስለሆነ ትምህርት ቤትም ተማሪም ፈቃድ መግዛት አይጠበቅበትም። ስኬቹ በሚሳልበት ስኬቸር በተባለው ክፍል ውስጥ ገና ያልተወሰኑ መስመሮች ነጭ ሆነው ይታያሉ፤ ሁሉም ሲወሰን ወደ አረንጓዴ ይለወጡና በጎን ባለው ሳጥን `Fully constrained` የሚል ጽሑፍ ይወጣል። በሶሊድወርክስ የሚማሩ ደግሞ ያልተወሰነውን በሰማያዊ፣ የተወሰነውን በጥቁር ያዩታል። ቀለሙ ይለያይ እንጂ ከታች የሚነገረው ለሁለቱም ይሠራል።

የምንስለው በየብረታ ብረት ሱቁ የሚገኘውን የኤል ቅርጽ ያለው ብረት ቁራጭ ነው፤ ከጫፉ ቆርጠን ፊት ለፊት ስናየው የሚታየውን ቅርጽ። የታችኛው ክንፍ 60 ሚሜ፣ የቆመው ክንፍ 40 ሚሜ፣ ውፍረቱ 5 ሚሜ። ስድስት መስመር ብቻ ነው፤ ሆኖም ጀማሪ የሚሳሳትበት ነገር አብዛኛው እዚህ ውስጥ አለ።

ከመሳላችን በፊት ሒሳቡን እንሥራ፤ ይህ ሒሳብ ኋላ ላይ ስህተት ማወቂያችን ይሆናል። በጠፍጣፋ ገጽ ላይ ያለ አንድ ነጥብ ሁለት ነፃነት አለው፤ ወደ ጎን መሄድ ይችላል፣ ወደ ላይና ወደ ታችም መሄድ ይችላል። አንድ መስመር ሁለት ጫፍ ስላለው አራት ነፃነት አለው። ስድስት የተበታተኑ መስመሮች እንግዲህ ሃያ አራት ነፃነት አላቸው ማለት ነው። ጫፎቻቸውን ስናገናኝ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ሁለት ነፃነት ይወስዳል፤ ሁለት የነበሩት ነጥቦች አንድ ሆኑና። ስድስት መገጣጠሚያ አሥራ ሁለት ይወስዳል፣ አሥራ ሁለት ይቀራል። በሌላ አነጋገር ስድስት ማዕዘን አለን፣ እያንዳንዱም በሁለት አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል።

ቀጥለን ሦስቱን መስመሮች አግድም፣ ሦስቱን ቋሚ እናደርጋለን። አግድም ወይም ቋሚ የሚለው ገደብ አንድ ነፃነት ብቻ ይወስዳል፤ መስመሩ መርዘምም መሄድም ይችላል፣ መዝመም ግን አይችልም። ስድስት ገደብ ስድስት ነፃነት ወሰደ፣ ስድስት ቀረ። እነዚህ ስድስቱ ምን እንደሆኑ ቆም ብሎ ማሰብ ይጠቅማል። ኤሉ ሦስት ቋሚ መስመር አለው፤ እያንዳንዱ በምን ያህል ርቀት ወደ ቀኝ እንደሚቆም አልታወቀም። ሦስት አግድም መስመርም አለው፤ በምን ያህል ከፍታ ላይ እንደሚቆሙ አልታወቀም። ሦስትና ሦስት፣ ስድስት። ከዚህ በኋላ የሚጨመር ማንኛውም ነገር ከእነዚህ ስድስት ያልታወቁ ቁጥሮች አንዱን የሚያሳውቅ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ትርፍ ነው።

አሁን የኤሉን የውጭ ማዕዘን፣ ማለትም ሁለቱ ክንፎች ከውጭ በኩል የሚገናኙበትን ነጥብ፣ ቀይና አረንጓዴ አክሲሶቹ በሚቆራረጡበት መነሻ ነጥብ ላይ እናስቀምጠዋለን። ሁለት ነፃነት በአንድ ጊዜ ሄደ፤ አራት ቀረ። ይህን እርምጃ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ይረሱታል። ሁሉንም ልኬት አስገብተው ስኬቹ አሁንም ነጭ ሲሆንባቸው ሌላ ቁጥር ፍለጋ ይሄዳሉ። ቅርጹ ግን ልኬት አላነሰውም፤ ሳይበላሽ እንዳለ ገጹ ላይ ይንሸራተታል እንጂ። ሁለት ነፃነት ቀርቶ ቅርጹን ስትስቡት ሳይለወጥ ሙሉውን የሚሄድ ከሆነ ከመነሻው ጋር አልታሰረም ማለት ነው።

ከቀሩት አራቱ ውስጥ ሁለቱ የውጭ ልኬቶች፣ 60 እና 40፣ ናቸው። የተቀሩት ሁለቱ የክንፎቹ ውፍረቶች ናቸው። እዚህ ላይ ሁለት ምርጫ አለ። ለአንዱ ክንፍ ጫፍ 5፣ ለሌላውም ጫፍ 5 ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ስኬቹ አረንጓዴ ይሆናል። ወይም ሁለቱን አጫጭር ጫፎች መርጦ እኩል የሚለውን ገደብ መስጠትና 5ን አንድ ጊዜ ብቻ መጻፍ ይቻላል፤ አሁንም አረንጓዴ ይሆናል። ለፕሮግራሙ ሁለቱም አንድ ናቸው። ለሠሪው ግን አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው «ሁለቱም ክንፎች ዛሬ 5 ሆነው ተገኝተዋል» ይላል። ሁለተኛው «የብረቱ ውፍረት አንድ ነው፣ እሱም 5 ነው» ይላል። ነገ 6 ሚሜ ብረት ሲመጣ በመጀመሪያው ስኬች አንዱን ቀይሮ ሌላውን መርሳት ይቻላል፤ በሁለተኛው አይቻልም። ሁለተኛው ይሻላል። በስድስት መስመር ላይ የቀሩት ቁጥሮች ሦስት ብቻ ናቸው፦ 60፣ 40፣ 5።

ስክሪኑ ላይ ሥራው ከሒሳቡ ያጥራል። ፖሊላይን የሚለውን መሣሪያ ይዛችሁ ከመነሻው ነጥብ ትጀምራላችሁ፤ ጠቋሚው ወደ ነጥቡ ሲጠጋ የመገጣጠሚያ ምልክት ያሳያል። ወደ ቀኝ ስትሄዱ መስመሩ ከአግድም ጥቂት ቢያዘነብል ፕሮግራሙ ራሱ አግድም የሚለውን ምልክት አውጥቶ ገደቡን ይሰጠዋል። እንዲህ እያላችሁ ዞራችሁ የጀመራችሁበት ነጥብ ላይ ስትዘጉ ገና ምንም ልኬት ሳታስገቡ የቀረው ነፃነት አራት መሆን አለበት። ቁጥሩ በጎን ባለው ሳጥን `DoF` ከሚለው ጋር ይጻፋል። ያንን ጽሑፍ ስትጫኑት ገና ነፃነት ያላቸውን ክፍሎች ይመርጥላችኋል።

አራት ካልሆነስ? ሒሳቡን ቀድመን የሠራነው ለዚህ ነው። አምስት ከሆነ ከስድስቱ መስመሮች አንዱ አግድም ወይም ቋሚ ሳይባል ቀርቷል፤ በጣም ጥቂት ስለሚያዘነብል ዓይን ላይይዘው ይችላል። መስመሩን መርጣችሁ ከኪቦርዱ `H` ወይም `V` ብትጫኑ ያልቃል። ስድስት ከሆነ ደግሞ ሁለት ነፃነት በዝቷልና መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያልተገናኘ ማዕዘን ነው። ሁለት ጫፎች አንዱ በአንዱ ላይ ተደርበው፣ ወይም በፀጉር ስፋት ተራርቀው፣ የተገናኙ መስለው ይቀመጣሉ። ይህ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ቅርጹ አልተዘጋም፣ ያልተዘጋን ቅርጽ ደግሞ በ`Pad` አውጥቶ ጠጣር አካል ማድረግ አይቻልም። ማዕዘኑን ይዛችሁ ሳቡት። ሁለቱ መስመሮች አብረው ከመጡ ደህና ነው፤ አንዱ ብቻ ከመጣ ያገኛችሁት እዚያ ነው። ከአራት ያነሰ ከሆነም መደሰት አይገባም። ስትስሉ ጠቋሚው ያላሰባችሁት ነገር አጠገብ አልፎ ፕሮግራሙ ያልተጠየቀ ገደብ ጨምሯል ማለት ነው። የገደቦቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ እየመረጣችሁ ሥዕሉ ላይ የሚበራውን ተመልከቱ፤ «ይህን እኔ ፈልጌዋለሁ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ያወጣዋል።

ቁጥሮቹን ስታስገቡ ደግሞ ቅደም ተከተላቸው ዋጋ አለው። ከጀርባ የሚሠራው ፈቺ ፕሮግራም ሁሉንም ገደብና ልኬት እንደ እኩልታ ይይዝና አሁን ካለበት ሥዕል ተነሥቶ በትንሽ በትንሹ እያንቀሳቀሰ ሁሉንም የሚያሟላ ቦታ ይፈልጋል። የሚጀምረው እናንተ ከሳላችሁት ነው። ስለዚህ እንዴት እንደሳላችሁት መልሱን ይነካል።

ኤሉን በችኮላ 600 በ400 አድርጋችሁ፣ ውፍረቱም 150 ሆኖ ሳላችሁት እንበል። መጀመሪያ 60 ብላችሁ ስትጽፉ የቀኙ ጫፍ ከ600 ወደ 60 ይመጣል። የቆመው ክንፍ የውስጥ መስመር ግን እንዲንቀሳቀስ ያዘዘው የለም፤ ያለው 150 ላይ ነው። እንግዲህ የውስጡ መስመር ከውጪው ጫፍ አልፎ ቆመ፣ ቅርጹም ራሱን አቋርጦ ተጠማዘዘ። በእኛ ኤል ላይ 5 ሲገባ ነገሩ ይስተካከላል። ቅስትና ዘመም መስመር በበዛበት ቅርጽ ላይ ግን ፈቺው ተገልብጦ የቀረውን መልስ ትክክል ነው ብሎ ሊቀበለው ይችላል፤ እኩልታዎቹ ተሟልተውለታልና። ከነጥብ 5 ሚሜ ርቀት ማለት በግራም 5 ነው፣ በቀኝም 5 ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። በተቻለ መጠን ከእውነተኛው መጠን ጋር የተቀራረበ ሥዕል ሳሉ። ሥዕሉ በጣም ከተለቀ ከትንሹ ልኬት ጀምሩ፣ በጣም ካነሰ ከትልቁ። አሳንሳችሁ ስትሄዱ ትንሹ ዝርዝር ቀድሞ ቦታውን ይይዛል፤ አሳድጋችሁ ስትሄዱ ደግሞ ውጫዊው ወሰን ቀድሞ ይሰፋለታል።

አሁን ስኬቹ አረንጓዴ ነው። እዚህ ደርሶ ማቆም የማይሆንለት ተማሪ አለ፤ ብዙ ቁጥር የተጻፈበት ሥዕል የተሟላ ስለሚመስለው የቆመውን ክንፍ የውስጥ ርዝመት ለክቶ 35 ብሎ ይጨምራል። ወዲያው መልእክቱ ወደ ቀይ ዓይነት ማስጠንቀቂያ ይለወጣል። ቁጥሩ ስህተት አይደለም፤ 40 ሲቀነስ 5 እውነትም 35 ነው። ችግሩ ይህ እውነት ቀድሞ መነገሩ ነው። ስድስት ያልታወቁ ነገሮች ነበሩን፣ ስድስቱም ታውቀዋል፤ ሰባተኛው ለፈቺው የሚያሳውቀው ነገር የለም። ተማሪው 36 ብሎ ቢጽፍ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ 40 ሲቀነስ 5 ሠላሳ ስድስት ሊሆን አይችልምና ገደቦቹ ይጋጫሉ፣ ፕሮግራሙም ቅርጹን ማስላት ያቆማል። የመጀመሪያው ትርፍ ነው፣ ሁለተኛው ግጭት ነው። በሁለቱም ፕሮግራሙ የሚከሳቸውን ገደቦች በቁጥራቸው ይዘረዝራል።

የወረቀት ሥዕል ደንብም ከዚህ አይለይም። አይኤስኦ 129-1 የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ አንድ ልኬት በሥዕሉ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሰጥ ያዛል። በወረቀት ላይ ይህን ደንብ የጣሰ ሰው ስህተቱን የሚያየው ዎርክሾፕ ውስጥ ነው፤ አንዱ ሠራተኛ 40ን፣ ሌላው 35ን ይዞ ሁለት የተለያየ ቁራጭ ሲያወጣ። ኮምፒውተሩ እዚያው በዚያው መናገሩ ውለታ ነው።

ይሁን እንጂ 35 ከገባ በኋላ ጀማሪው የሚያደርገው የመጨረሻውን መሰረዝ ነው። ይህ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ማስጠንቀቂያው የሚጠይቀው «ከ40 እና ከ35 የትኛው ነው ያንተ?» ብሎ ነው፤ ይህን ደግሞ የሚመልሰው ቁራጩ የሚሠራው ሥራ ነው። ኤሉ ከውጭ በኩል 40 ሚሜ ከፍታ ባለው ጠርዝ ላይ ተለጥፎ እኩል ማለቅ ካለበት የሚጸናው 40 ነው። ከውስጥ በኩል 35 ሚሜ ከፍታ ያለው ጣውላ የሚገባበት ከሆነ ግን የሚጸናው 35 ነው፤ እንግዲህ 40 ነው መሰረዝ ያለበት። ብረቱ 5 ሆኖ እስካለ ድረስ ሁለቱ ስኬቶች ፍጹም አንድ ናቸው፤ ማንም በዓይን አይለያቸውም። ውፍረቱን ወደ 8 ቀይሩት። የመጀመሪያው ከውጭ 40 እንደሆነ ይቆይና ውስጡ ወደ 32 ይጠባል፣ ጣውላው አይገባም። ሁለተኛው ውስጡን 35 አድርጎ ይይዝና ከውጭ ወደ 43 ያድጋል። ልኬት መምረጥ ማለት ለውጥ ሲመጣ ምን እንደሚጸናና ምን እንደሚሸሽ መወሰን ነው፤ እኔ ለጀማሪ ከዚህ የሚበልጥ ነጥብ የለም እላለሁ። አስተማሪ ስኬት ሲያርም አረንጓዴነቱን ከማየት አልፎ አንድ ቁጥር ቀይሮ ቢያይ ተማሪው ያሰበበትን ከገለበጠው ይለያል።

ያ ሌላ ቁጥር በሥዕሉ ላይ እንዲታይ ከፈለጋችሁ፣ ለምሳሌ ሠራተኛው በጭንቅላቱ እንዳያሰላ፣ ሳይሰርዙ ማስቀመጥም ይቻላል። ልኬቱ ቅርጹን ከማዘዝ ወጥቶ የሚያነብ ብቻ ይደረጋል። በፍሪካድ ይህን የሚለውጥ ቁልፍ አለ፣ የልኬቱም ቀለም ይለወጣል፤ ሶሊድወርክስ ደግሞ ትርፍ ልኬት ሲጨመር ራሱ ይጠይቃል። እንዲህ ያለው ልኬት ውፍረቱ 8 ሲሆን ራሱን ወደ 32 ይቀይራል እንጂ ማንንም አይከለክልም።

እስካሁን የተጠቀምንባቸው ማዕዘኖች ሁሉ ስል ነበሩ። እውነተኛው የኤል ብረት ግን ከውስጥ በኩል የተጠጋጋ ነው፤ 6 ሚሜ ራዲየስ እንስጠው። ልምድ ያላቸው ሰዎች ጠርዝ ማጠጋጋትን አብዛኛውን ጊዜ ከስኬች አውጥተው ጠጣር አካሉ ላይ ይሠሩታል፤ ስኬቹ ቀላል ሆኖ እንዲቆይ። እዚህ ውስጥ የምናስገባው ሒሳቡ ስለሚያስተምር ነው።

ቅስት አምስት ነፃነት አለው፦ ማዕከሉ ሁለት፣ ራዲየሱ አንድ፣ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ማዕዘን ሁለት። እሱን ለማስገባት የድሮውን የውስጥ ማዕዘን ማላቀቅ አለብን፤ ያ መገጣጠሚያ ይዞት የነበረው ሁለት ነፃነት ተመልሶ ይለቀቃል። ስለዚህ ዜሮ ከነበረው ተነሥተን ሰባት ነፃነት አለን። ቅስቱ በሁለቱም ጫፉ ከመስመሩ ጋር ሲገናኝ ሁለት ሁለት ይወስዳል፤ መስመሩን ሳይሰብር ለስልሶ እንዲቀጥል፣ ማለትም ታካኪ እንዲሆን ስናደርግ ደግሞ በየጫፉ አንድ ተጨማሪ ይወስዳል። በአንድ ጫፍ ሦስት፣ በሁለቱ ስድስት። የቀረው አንድ ራዲየሱ ነው፤ 6 ብለን ስንጽፍ ወደ ዜሮ እንመለሳለን። የማጠጋጊያው መሣሪያ አብዛኛውን በራሱ ይሠራዋል። ይሁን እንጂ ካጠጋጋችሁ በኋላ ስኬቹ ሁለት ነፃነት ቢያሳያችሁ አንዱ ራዲየሱ ነው፤ ሌላው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ታካኪነቱ በአንድ ጫፍ መጥፋቱ ነው። በዓይን ሲታይ ለስላሳ ይመስላል፣ ቅስቱን ስትስቡት ግን መገናኛው ላይ ይሰበራል።

ይህ ራዲየስ ወሰንም አለው። ከውስጥ ያለው የቆመ ጎን 35 ሚሜ ነበር፤ ከዚህ ላይ 6 ቅስቱ ወስዶ 29 ቀጥ ያለ መስመር ቀርቷል። ራዲየሱ እያደገ 35 ሲደርስ ቀጥታው መስመር ርዝመቱ ዜሮ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ የሚሠራ ቅርጽ የለም። ሙሉ በሙሉ የተወሰነ ስኬች የፈለጋችሁትን ቁጥር ሁሉ ይቀበላል ማለት አይደለም።

መጨረሻ ላይ ስለ አቋራጩ። ስኬቹ እምቢ ብሎ ነጭ ሲሆንበት `Block` የሚለውን ገደብ የሚጠቀም ተማሪ ብዙ ነው። ይህ ገደብ አንድን መስመር ባለበት ቦታ ያቆመዋል፤ ለምን እዚያ እንደቆመ ግን አይናገርም። ሁለት ሦስት ቦታ ላይ ከሰጡት ስኬቹ አረንጓዴ ይሆናል፣ የቤት ሥራውም የተጠናቀቀ ይመስላል። ከዚያ አንድ ሰው 60ን ወደ 80 ሲቀይር ወይ ግጭት ይመጣል፣ ወይ ከፊሉ ሄዶ ከፊሉ ባለበት ይቀርና ቅርጹ ይበላሻል። `Block` የራሱ ቦታ አለው፤ ከሌላ ፋይል የመጣን ውስብስብ መስመር ሳይነኩ ለመያዝ ይጠቅማል። በስድስት መስመር ኤል ላይ ግን ምንም ሥራ የለውም። በሶሊድወርክስ ስኬቱን በአንድ ጊዜ በራሱ የሚወስነው ትእዛዝም ችግሩ ተመሳሳይ ነው፤ ቁጥሮቹን ማሽኑ ይመርጣል፣ የመረጣቸውም በእጅ ስትስሉ በአጋጣሚ የወጡትን 59.37 የመሰሉ ርዝመቶች ናቸው።

ስለዚህ ሥራችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። የገደቦቹን ዝርዝር ክፈቱና `Block` አለመኖሩን እዩ። ውፍረቱን ከ5 ወደ 8 ቀይሩ፤ ኤሉ ኤል ሆኖ ከቀጠለ፣ ሁለቱም ክንፎች አብረው ከወፈሩና እንዲጸና የፈለጋችሁት ልኬት ከጸና ስኬቹ የእናንተ ነው። ከዚያ ወደ 5 መልሱትና ፋይሉን አስቀምጡ፤ ውፍረቱን 8 አድርጎ ያስረከበ ተማሪ ትክክል ሠርቶም ነጥብ ያጣል።